«በፍጹም» ዜሮ ነው ወይስ ሦስት?

የሕመም ምልክት መጠይቅን ወደ አማርኛ ስመልስ ከሕክምና ቃላት ይበልጥ የፈተነኝ አሉታ ነው። ይህን ለማሳየት የምመርጠው ጂኤዲ-7 በተባለው የጭንቀት መለያ መጠይቅ ላይ የሠራሁትን ሥራ ነው። መጠይቁ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱም አንድ ምልክት ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንዳስቸገረ ይጠይቃል። ምልክቱ ጨርሶ ካልነበረ 0፣ ጥቂት ቀናት ከነበረ 1፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት ከነበረ 2፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከነበረ ደግሞ 3 ይሰጣል። ድምሩ ከ21 የሚያዝ ሲሆን 10 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል። የእኔ ድርሻ በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ አዛውንት ጠያቂው በስልክ እያነበበ የሚሞላውን ቅጽ ማዘጋጀት ነበር።

ችግሩ ያለው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። እጄ የገባው ረቂቅ ጥያቄውን «ጭንቀትን ማቆም ወይም መቆጣጠር አለመቻል» ሲለው የመጀመሪያውን አማራጭ ደግሞ «በፍጹም» ብሎት ነበር። ሁለቱ ለየብቻ ሲነበቡ ትክክል ናቸው። ነገር ግን በአማርኛ «በፍጹም»፣ «ምንም» እና «በጭራሽ» ብቻቸውን አይቆሙም፤ ከኋላቸው አሉታዊ ግስ ይጠብቃሉ፤ ግሱ ሳይነገር ሲቀር አድማጩ ከጥያቄው ወስዶ ይሞላዋል። ጥያቄው ስለ አለመቻል ከሆነ የሚሞላው «አልችልም» የሚለው ይሆናል። ስለዚህ ጭንቀት ቀንና ሌሊት የማይለቃቸው እናት «በፍጹም ልጄ፣ በፍጹም አልችልም» ይላሉ፤ ጠያቂውም ከፊቱ ያለውን ቅጽ ተከትሎ «በፍጹም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ሦስት መሆን የነበረበት መልስ ዜሮ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው።

ከሰባት ጥያቄዎች አንዱ ቢገለበጥ ድምሩ ቢበዛ በ3 ይቀንሳል፤ ያ ራሱ 11 የነበረውን 8 አድርጎ ከመስመሩ በታች ያወርደዋል። ጉዳቱ የሚከፋው ግን ጊዜ ሲያጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ በሚጠየቁበት ጂኤዲ-2 ላይ ነው። በዚያ ድምሩ ከ6 ሲያዝ መስመሩ 3 ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ 2፣ በሁለተኛው 3 ማግኘት የነበረበት ሰው 5 መሆኑ ቀርቶ 2 ይሆንና ጭንቀት የሌለበት ተብሎ ይታለፋል።

ይህ ስሕተት በመልሶ ትርጉም የማይያዝበት ምክንያት ግልጽ ነው። መልሶ ተርጓሚው ጥያቄውን ለብቻው፣ አማራጩን ለብቻው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ሁለቱም ከመነሻው ጽሑፍ ጋር ይገጥማሉ። ግልበጣው የሚከሰተው ዓረፍተ ነገሮቹ ውስጥ ሳይሆን ጥያቄና መልስ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ስለሆነም መልሱ አስቀድሞ የታወቀ አጭር ታሪክ ይዤ ፈተንሁት፦ «አንዲት ሴት ሁለቱን ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ትጨነቅ ነበር፤ ልተወው ብትልም አልተዋት አለ። ይህን ጥያቄ ብትጠየቅ የትኛውን የምትመርጥ ይመስልዎታል?» አድማጩ «በፍጹም» የሚለውን ከመረጠ ጥያቄውና አማራጩ እንደማይገጥሙ ይታወቃል። ይህን ስጠይቅ የገጠመኝም ይኸው ነው፤ በተለይ አማራጮቹን በጆሮ ብቻ የሰሙት ሰዎች ወደ እሱ ያዘነብሉ ነበር። «ጥያቄው ገብቶዎታል?» ብሎ መጠየቅ ግን ፋይዳ የለውም፤ ሁሉም ገብቶኛል ይላል፤ በእርግጥም ገብቶታል።

ማሻሻያውን የጀመርሁት ከግሱ ነው። አማርኛ የአሉታ ምልክት ሳይኖራቸው እጦትን የሚገልጹ ግሶች አሉት፦ ማቃት፣ ማጣት፣ መሳን። «እንቅልፍ አጣሁ» የሚል ሰው «አል» የሚለውን ቅጥያ አልተጠቀመም፤ ስለዚህ «እንቅልፍ ያጡበት ቀን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል። በዚሁ መንገድ ሁለተኛው ጥያቄ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጭንቀትዎን ማቆምም ሆነ መቆጣጠር ያቃተዎት ቀን ነበር?» ሆነ። መልሱ «ነበር» ከሆነ ጠያቂው «ጥቂት ቀን ነው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቀን ነው ወይስ በየቀኑ ማለት ይቻላል?» ብሎ ይቀጥላል፤ «አልነበረም» ከሆነ 0 ይመዘግባል። «በፍጹም» ከቅጹ ወጣ። «ወይም» በ«ም ሆነ» የተተካው ደግሞ «ማቆም ወይም መቆጣጠር አለመቻል» ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያልቻለ ሰው ማለት ነው ብለው የሚረዱት ስላሉ ነው፤ የመነሻው ሐሳብ ሁለቱም አለመቻላቸው ነው።

«ያልቻሉበት ቀን ነበር?» ማለት ለምን አልበቃም የሚል አርታዒ ነበረ። በወረቀት ላይ ይበቃ ይሆናል፤ በስልክ ግን «የቻሉበት» እና «ያልቻሉበት» የሚለያዩት በአንዲት «ል» እና በአንድ አናባቢ ነው፤ «የሚችሉበት» እና «የማይችሉበት»ም እንዲሁ ይቀራረባሉ። መስመሩ ሲቆራረጥ ወይም ጠያቂው ሲቸኩል መጀመሪያ የምትዋጠው ያቺው የአሉታ ድምፅ ናት። «ያቃተዎት» ቢዋጥ እንኳ የማይሰማ ቃል ይሆናል እንጂ ተቃራኒው ቃል አይሆንም፤ አዛውንቱም «ምን አልሽ ልጄ?» ብለው ያስደግማሉ።

«አዎ» እና «አይ» ብቻ በሚመለስባቸው መጠይቆች ላይ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ኤስአርኪው-20 የተባለው የአእምሮ ጤና መጠይቅ ሃያ ጥያቄዎች አሉት፤ አንዱ በሕይወት ውስጥ ጠቃሚ ድርሻ መወጣት ስላለመቻል ነው። «ጠቃሚ ድርሻ መወጣት አይችሉም?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ያለው ሰው «አዎ፣ አልችልም» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «አይ» ያለውም «አይ፣ እችላለሁ» ወይም «አይ፣ አልችልም» ማለቱ እንደሆነ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ ጠያቂው ሙሉ ዓረፍተ ነገር እስኪሰማ ድረስ ምልክት እንዳያደርግ በመመሪያው ላይ ጻፍሁ።

ድርብ አሉታ ደግሞ በእኛ ቋንቋ የራሱ ጠባይ አለው። «ሳልጨነቅ አልቀረሁም» የሚለው ሁለት አሉታ ቢይዝም ሁለቱ ተጣፍተው «ተጨንቄአለሁ» የሚል እርግጠኛ ነገር አይሰጡም፤ «ተጨንቄ ይሆናል» የሚል ግምት ነው የሚሰጡት። ከዚያ በተቃራኒ «ምንም አልተጨነቅሁም» ላይ ያለው «ምንም» አሉታውን ያጠነክራል እንጂ አያፈርሰውም። ስለዚህ በረቂቅ ላይ «ሳይ» እና «አይቀርም» አብረው ሲመጡ ሳልመረምር ማለፍ ትቻለሁ።

መልሶች ከተሰበሰቡ በኋላም ግልበጣው ይታያል። በሌሎቹ ስድስት ጥያቄዎች ላይ 2 እና 3 እየመለሱ በሁለተኛው ላይ ብቻ 0 ያላቸው ሰዎች ከተበራከቱ፣ ወይም የዚህ ጥያቄ ነጥብ ከሌሎቹ ድምር ጋር ያለው ዝምድና ከተዳከመ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሉታው ነው። ያም ቢሆን ከተገለበጡት መልሶች መካከል የትኞቹ በእርግጥ ዜሮ እንደነበሩ መለየት ስለማይቻል ቁጥሩን በኋላ ማረም አይቻልም፤ ሰዎቹን እንደገና መጠየቅ ግድ ይላል።

«ማቃት»ም ገደብ አለው። ሞክሮ ያልሆነለትን ሰው ያመለክታል፤ ጭንቀቱን ለማቆም ጨርሶ ሞክሮ የማያውቅ ሰው «አላቃተኝም፣ መቼ ሞከርሁና» ሊል ይችላል። እንዲህ የመለሱ ስለነበሩ ለጠያቂዎቹ አንድ ተከታይ ጥያቄ ጨመርሁላቸው፦ «ልተወው ብለው ቢሞክሩስ ይተውዎት ነበር?»