ስኩዌሩን ከኩቢክ ላይ እንዴት እንዳነሣሁት፦ የሐይቁ ገንዳ ስሌት

ሐይቅ ከተማ አጠገብ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን የክረምት ውሃ የሚይዝ የድንጋይ ገንዳ ሊገነባ ነበር። የተፈለገው 30 ሜትር ኩብ ነው፤ 30 ሺህ ሊትር መሆኑ ነው። ቅርጹን ቦታው ራሱ ወሰነው። ገንዳው የቤቱን ግድግዳ ተከትሎ ስለሚሄድ ርዝመቱ ከወርዱ በ5 ሜትር፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከወርዱ በ1 ሜትር ይበልጣል። ግንበኛው የፈለገው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፦ «አብሽር ጋሼ፣ ወርዱን ይንገሩኝ እንጂ ሌላውን በሜትር እጨርሰዋለሁ።»

ወርዱን x ካልነው ይዘቱ የሦስቱ ጎኖች ብዜት ነው፦

x(x + 1)(x + 5) = 30

ቅንፉ ሲፈታ፦

x³ + 6x² + 5x − 30 = 0

ወርዱ 1 ሜትር ቢሆን ገንዳው 12 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ 2 ሜትር ቢሆን 42። መልሱ በመካከል ያለ፣ ሙሉ ያልሆነ ቁጥር ነው ማለት ነው። እየሞከሩ መቅረብ ይቻላል፤ እኔ ግን በቀመር ልፈታው ፈለግሁ። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ያሳተመው ቀመር የሚሠራው x² በሌለበት ኩቢክ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ 6x² መነሣት አለበት።

የማነሣው x ን x = t + h ብዬ በመተካት ነው። h ስንት እንደሚሆን ለማወቅ እኩልዮሹን በሙሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ t² ከየት ከየት እንደሚመጣ ማየት ይበቃል። (t + h)³ ሲዘረዘር 3ht² ይሰጣል። 6(t + h)² ደግሞ 6t² ይሰጣል። ከ5x እና ከ−30 ምንም t² አይወጣም። ስለዚህ 3h + 6 = 0 መሆን አለበት፤ h = −2 ነው። ምትኩ x = t − 2 ይሆናል። x³ ብቻውን ሲቆም፣ ማለትም አባዢው 1 ሲሆን፣ ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው፦ የx² ን አባዢ ለ3 አካፍል፣ ምልክቱን ገልብጥ።

ብዙዎች ይህን ሕግ ሸምድደው ያልፋሉ። ገንዳው ግን ምክንያቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። x = t − 2 ከሆነ t = x + 2 ነው፤ ይህም የሦስቱ ጎኖች፣ የx፣ የx + 1 እና የx + 5፣ አማካይ ነው። ጎኖቹን ከአማካያቸው ተነሥተን ስንጽፋቸው t − 2፣ t − 1 እና t + 3 ይሆናሉ። −2፣ −1 እና +3 ሲደመሩ ዜሮ ናቸው። ሦስት እንዲህ ያሉ ቅንፎች ሲባዙ የt² አባዢ የሚሆነው ያ ድምር ስለሆነ ስኩዌሩ የሚቆምበት መሬት ያጣል። በሌላ አነጋገር ምትኩ መነሻውን ወደ መሃል ማዛወር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ኳድራቲክን ካሬ በማሟላት ስንፈታ የምናደርገውም ይኸው ነው፤ እዚያ ግን የሚካፈለው ለ2 ነው።

አሁን አዲሶቹ አባዢዎች ይፈለጋሉ። (t − 2)³ን እና 6(t − 2)²ን ዘርዝሮ መደመር ይቻላል። እኔ ያንን መንገድ ትቼዋለሁ፤ በዝርዝሩ መሃል አንዲት የመቀነስ ምልክት ከጠፋች ስህተቱ የት እንደገባ አይታይም። የምጠቀመው ተደጋጋሚ ማካፈልን ነው። አባዢዎቹን በመስመር ጽፌ የመጀመሪያውን እንዳለ አወርዳለሁ። ከዚያ ያገኘሁትን በ−2 እያባዛሁ ከላይ በቀጣዩ ቁጥር ላይ እደምራለሁ። በቀጣዩ ዙር የመስመሩን የመጨረሻ ቁጥር ትቼ በቀሩት ላይ ያንኑ እደግማለሁ፦

```
 1    6    5   -30
 1    4   -3   -24
 1    2   -7
 1    0
```

የመጀመሪያው ዙር ጫፍ −24 ቋሚው ቁጥር ነው። የሁለተኛው ጫፍ −7 የt አባዢ ነው። የሦስተኛው ጫፍ 0 የt² አባዢ ነው። ስለዚህ፦

t³ − 7t − 24 = 0

ይህን ዘዴ ያስወደደኝ የመጨረሻው ዜሮ ነው። ዜሮ ካልመጣ ምትኩ ወይም ድምሩ ተበላሽቷል፤ ወደ ካርዳኖ ቀመር ከመግባቴ በፊት አውቀዋለሁ። ስህተቱ የምትኩ ከሆነ በዜሮ ፋንታ የመጣው ቁጥር ዓይነቱን ይናገራል። x = t + 2 ብዬ ምልክቱን ብስት ኖሮ 12 ይመጣ ነበር፤ ያልጠፋው 6 እጥፍ ሆኖ ማለት ነው። የመነሻውን የx² አባዢ እጥፍ ያየ ሰው ምልክቱን ይመርምር።

ከዚህ በኋላ ያለው የካርዳኖ ቀመር ነው፤ በፍጥነት ልለፈው። ቋሚው −24 ስለሆነ ግማሹ፣ ምልክቱ ተገልብጦ፣ 12 ነው፤ የt አባዢ −7 ደግሞ ለ3 ሲካፈል፣ እንዲሁ ተገልብጦ፣ 7/3 ነው። 12² − (7/3)³ ወደ 131.296 ይጠጋል፤ ስኩዌር ሩቱ 11.458 ገደማ ነው። የ12 + 11.458 ኩብ ሩት 2.863፣ የ12 − 11.458 ኩብ ሩት 0.815፣ ድምራቸው t ≈ 3.678።

እዚህ ላይ ነው አደጋው። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘ ቁጥር መልስ ይመስላል፤ ግን t ነው እንጂ x አይደለም። ለግንበኛው 3.68 ብሎ የሰጠ ሰው ጥልቀቱ 4.68፣ ርዝመቱ 8.68 የሆነ፣ ወደ 149 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ የተፈለገውን አምስት እጥፍ! እኔም አንዴ t ን እንደ መልስ ጽፌ ወደ መጀመሪያው እኩልዮሽ ስመልሰው ነው የነቃሁት። አሁን ምትኩን በወረቀቱ ራስጌ በሳጥን ከብቤ እጽፈዋለሁ፤ t ሲገኝ ዓይኔ ወደዚያ ይመለሳል። x = 3.678 − 2 = 1.678 ሜትር።

ግንበኛ በሴንቲሜትር ስለሚሠራ ይህም መጠጋጋት አለበት፤ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች የሚለው ዋጋ አለው። በ1.67 ገንዳው 29.74 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ወደ 260 ሊትር ይጎድላል። በ1.68 ደግሞ 30.08 ይሆናል። 1.68 አልኩት።

የx³ አባዢ 1 ካልሆነስ? ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ለምሳሌ ይህን እንውሰድ፦

2x³ − 9x² + 7x + 6 = 0

9ን ለ3 አካፍሎ x = t + 3 የሚል አይጠፋም። በዚህ ምትክ የሦስተኛው ዙር ጫፍ 9 ይመጣል፤ −9 አልጠፋም፣ ምልክቱን ቀይሮ ተመለሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ t² የሚመጣው አሁን ከ2(t + h)³ ስለሆነ 3h ሳይሆን 6h ነው። 6h − 9 = 0፤ h = 1.5። ስለዚህ የሚካፈለው ለ3 ብቻ ሳይሆን ለ3 ጊዜ የፊተኛው አባዢ ነው። በ1.5 ሲሠራ፦

```
 2   -9     7     6
 2   -6    -2     3
 2   -3    -6.5
 2    0
```

2t³ − 6.5t + 3 = 0፣ ለ2 ሲካፈል t³ − 3.25t + 1.5 = 0። አስርዮሹ ካስቸገረ t = s/2 ብሎ በ8 ማባዛት ያጸዳዋል፦ s³ − 13s + 12 = 0። ይህ በዓይን ይፈታል፤ 1፣ 3 እና −4 ናቸው። ድምራቸው ዜሮ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ስኩዌር በሌለው ኩቢክ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ለማረጋገጫም ይጠቅማል። t ለማግኘት እያንዳንዱን በ2 እናካፍላለን፦ 0.5፣ 1.5 እና −2። 1.5 ሲደመርባቸው x = 2፣ 3 እና −0.5 ይሆናል።

h ክፍልፋይ ሲሆን በክፍልፋይነቱ ይቆይ። የx² አባዢ 1 የሆነበት ኩቢክ x = t − 1/3 ይፈልጋል፤ 0.33 ብሎ የተካ ሰው 0.01t² ይቀርለታል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ያቺ ትንሽ ካልጠፋች የካርዳኖ ቀመር ስለሌላ እኩልዮሽ ነው የሚናገረው። ካልኩሌተር ላይም ማጠጋጋቱን እስከ መጨረሻው መስመር ማቆየት ነው።

አንድ ገደብ ይቀራል። ከላይ t³ − 3.25t + 1.5 = 0ን በዓይን ባንፈታውና ወደ ካርዳኖ ብንወስደው፣ በስኩዌር ሩቱ ሥር 0.75² − (3.25/3)³ ይመጣል፤ ይህም −0.71 ገደማ ነው። ሦስቱም መልሶች እውነተኛ ቁጥሮች ሆነው ሳለ ቀመሩ የአሉታዊ ቁጥር ስኩዌር ሩት ይጠይቃል። ይህን ያየ ተማሪ ወደ ኋላ ተመልሶ ምትኩን ሲፈትሽ ይውላል። ጥፋቱ የምትኩ አይደለም፤ የመጨረሻው ዙር ዜሮ ከመጣ ምትኩ ተጣርቷል። ሦስት የተለያዩ እውነተኛ መልሶች ያሉት ኩቢክ ሁሉ በዚህ ቀመር እንዲህ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ቀመሩን ትቼ በኮሳይን እፈታዋለሁ፤ እሱም ቢሆን የሚነሣው ስኩዌሩ ከወጣለት እኩልዮሽ ነው።