አንድ ሰው ብቻ የሚያወራበትን ቪዲዮ ስቆርጥ የተማርኩት

ይህን የምጽፈው ሰው ካሜራ ፊት አስቀምጦ የሚያስወራ ሁሉ እኔ ያየሁትን ጣጣ እንዳያይ ነው። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ሌሊት እተኛ ነበር።

አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ድሮው ምድር ባቡር አጭር ቪዲዮ ፈለገ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ድሬዳዋ የደረሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ነው፤ ድሬም ከተማ ሆና የበቀለችው ከሐዲዱ ጋር ነው። ተናጋሪው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና ያሳለፉ ጡረተኛ መካኒክ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። ያስባሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጥላሉ፤ ያም ሰውን ቁጭ ያደርጋል።

ቀረጻው ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ነበር። ካሜራውን በፎርኬ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን በ1/50 አደረግኩ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ ልክ ሲቀረጽ አምፖሉ አያብለጨልጭም። ማይኩን ደረታቸው ላይ ሰካሁ። ሰው ሁሉ ዝም እንዲል አድርጌ የክፍሉን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ቀዳሁ። ይህን አትዝለሉ። በኋላ ቁራጭና ቁራጭ ሲገጣጠም ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው።

የጣሪያ ፋን ግን የድሬ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው። ካልጠፋ ጉምጉምታው በእያንዳንዱ ቁርጥ ላይ ይዘላል። ከጠፋ ደግሞ ላብ ይመጣል። ላቡ ለኤዲት ምን አገባው እንዳትሉ። የመጨረሻውን ንግግር አምጥታችሁ መጀመሪያ ላይ ስትቀጥሉት፣ ደረቅ የነበረ ግንባር በአንድ ቅጽበት ያብለጨልጫል፤ የሸሚዙ አንገትም ይጨልማል። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር ይሸተዋል። ስለዚህ ፋኑን ማጥፋት፣ ከየጥያቄው በኋላ አብርቶ ፊትን በሶፍት ማስጠረግ፣ ከዚያ እንደገና ማጥፋት። አሰልቺ ነው፤ ግን ያዋጣል።

እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነበር። ጣጣው የመጣው ከቆረጣው ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የመጀመሪያውን ቅጂ አይቶ «ይጎተታል» አለ። ወጣቱ አያይም፣ እንደ ቲክቶክ ይፍጠን፣ ዝምታ የሚባል ነገር እንዳላይ። ዝምታን ራሱ ፈልጎ የሚቆርጥ መሣሪያ ስላለ በእሱ እንዲሠራ አዘዘ። የጋሼ ንግግር ለዚያ እንደማይሆን ነገርኩት። ሥልጠና ላይ «በየሦስት ሰከንዱ ምስል ይቀየር» ተብሎ እንደተማረ ነገረኝ። ገንዘቡ ከእሱ ነው፤ እንዳለው አደረግኩ። ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል።

የወጣው ነገር ይህን ይመስል ነበር። ጋሼ የተቆጡ መሰሉ። የማይቆጣ ሰው! ቃል በቃል ላይ ይወጣል፣ ትንፋሽ የለም፣ ጭንቅላታቸው በየሰከንዱ ግራና ቀኝ ይዘላል። አየር ላይ ሲውል የገዛ ልጃቸው «አባዬን ምን አደረጋችኋቸው?» ብላ ደወለችልኝ። ለእሷ የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ ማንም ሳያዘኝ የመሣሪያውን ሥራ ፍሬም በፍሬም ከጥሬው ጋር አስተያየሁት። ያገኘሁትን ማንም ሥልጠና ላይ ሲያስተምረው ሰምቼ አላውቅም። አማርኛችን በዚህ ዓይነት አቆራረጥ በሁለት ቦታ ይጎዳል።

አንደኛው ጠብቆ የሚነገር ድምፅ ነው። ጥ፣ ቅ፣ ት፣ ክ ሲጠብቁ ከመፈንዳታቸው በፊት አፍ ውስጥ ታፍነው ይቆያሉ። ለጆሮ ያ የቃሉ አካል ነው፤ ለመሣሪያው ግን ድምፅ የሌለበት ቦታ ነው። መሣሪያው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ የበለጠ ዝምታን ሁሉ እንዲቆርጥ ተደርጎ ነበር። ጋሼ «ፍሬኑን ለቀቀው» ሲሉ ቀስ ብለው ስለሚያጠብቁ፣ የቀ ማጥበቂያ ዝምታ ተብሎ ተቆረጠ። ቃሉ ላላ። የቋንቋው ባለቤት ሆነው እንደ እንግዳ ሰው ሲናገሩ ተሰሙ።

ሁለተኛው ይብሳል። የእኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «በጆሮዬ ነበር የማውቀው» ሲሉ «የማውቀው» ሹክሹክታ ነው። መሣሪያው ጭራውን ቆረጠው። በዚያ ላይ ሰሚው የንግግሩን ፍሬ የሚያገኘው ግሱ ላይ ስለሆነ፣ ከግሱ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ያህል ማረፊያ ካላገኘ ያለፈውን ሳይውጥ ሌላ ይጎርሳል። ድካም የሚመጣው ከዚህ ነው። ቪዲዮ የሚያደክመው ቁርጡ ሲበዛ ብቻ አይመስለኝም። ቁርጡ ሁሉ እኩል ርቀት ላይ ሲሆንና ሰው የሚውጥበት ቦታ ሲያጣ ነው።

አሁን መሣሪያው እንዲጠቁመኝ እንጂ እንዲቆርጥልኝ አልፈቅድም። ረጅም ዝምታዎች የት እንዳሉ በዚህ ትእዛዝ አወጣለሁ፦

```
ffmpeg -i gashe.mp4 -af silencedetect=noise=-35dB:d=0.6 -f null -
```

ከ0.6 ሰከንድ ያላነሰ ዝምታ የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ ይዘረዝራል፤ ፋይሉን አይነካም። 0.6 ያልኩት የሚጠብቅ ፊደል ያን ያህል ስለማይቆይ ነው። የክፍሉ ጫጫታ ከፍ ያለ ከሆነ -35 ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ያኔ ወደ -30 ከፍ አድርጉት። ከዝርዝሩ እያንዳንዱን ዝምታ አዳምጬ በእጄ እወስናለሁ።

አንዱን ቦታ ልዘርዝር። በጥሬው ጋሼ እንዲህ ይላሉ፦ «አለቃው መጣና... ባቡሩ አይነሳም አለ። እ... እኔ እንግዲህ፣ እንግዲህ እኔ ወጣት ነኝ። ጆሮዬን ሞተሩ ላይ አደረግኩ... ሁለተኛው ሲሊንደር ነው አልኩት።» መጀመሪያ ያለው ዝምታ 2 ሰከንድ ነው፤ ሁለተኛው፣ ከ«አደረግኩ» በኋላ ያለው፣ 3 ሰከንድ ይሆናል።

መሣሪያው ሁለቱንም አጠፋቸው። መንተባተቡን ግን ድምፅ ስላለው ተወው! ማለት የሚቆረጠው ቀረ፣ የሚቀረው ተቆረጠ።

እኔ የመጀመሪያውን ዝምታ ወደ 0.7 ሰከንድ አሳጠርኩት፤ እዚያ ጋሼ ቃል እየፈለጉ ነው። መንተባተቡን ቆርጬ «እኔ እንግዲህ ወጣት ነኝ» ብቻ አስቀረሁ። ሦስቱን ሰከንድ ግን አልነካሁትም። እዚያ ሰውየው ሞተር እያዳመጡ ነው። ዓይናቸው ወደ ጎን ይሄዳል፣ አንገታቸው ዘንበል ይላል፣ ተመልካቹም አብሮ ያዳምጣል። ይህ ዝምታ ያለቀው ቁርጥ ሳይኖርበት ስለሆነ «ሁለተኛው ሲሊንደር» ሲሉ ሰው ፈገግ ይላል።

መንተባተቡ ላይ ያለው ቁርጥ ጃምፕ ከት ነው፤ ጭንቅላታቸው ይዘላል። እዚያ ምስሉን ወደ 120 ፐርሰንት አሳደግኩ። በፎርኬ ቀርጬ በ1080 ስለማስረክብ ጥራቱ አይወርድም። በ1080 ቀርጻችሁ ከሆነ ከ120 ባትዘሉ ይሻላል፤ ምስሉ ይደበዝዛል። 5 ፐርሰንት ብቻ ማሳደግ ግን ከምንም ይከፋል፤ ሰው ካሜራውን የገፋው ይመስላል። ስታሳድጉ ዓይናቸው ቀድሞ በነበረበት ከፍታ ላይ እንዲቆይ ፍሬሙን ወደ ታች ወይም ወደ ላይ አንቀሳቅሱ። የተመልካቹ ዓይን ያለው እዚያ ነው፤ ቦታው ካልተቀየረ ዝላዩን አያስተውልም። ምስሉን የማሳድገው ነገሩ ጠበቅ ሲል ነው። ወደ ሰፊው የምመለሰው ሌላ ጉዳይ ሲጀመር ነው። በየቁርጡ ማሳደግና መመለስ ልክ እንደ ዥዋዥዌ ያዞራል።

ቁርጡን የማስቀምጠው አፍ በሁለቱም በኩል በተዘጋበት ነው። ዓይን ግማሽ የተከደነበት ፍሬም ላይ ከወደቀ ሁለት ሦስት ፍሬም እገፋዋለሁ፤ አለዚያ ሰውየው የሰከሩ ይመስላሉ። ትንፋሽ አላጠፋም። ወደ ውስጥ የሚሳበው ትንፋሽ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ንብረት ስለሆነ ቁርጡ ከትንፋሹ በፊት ይሁን። ድምፁ ላይ ደግሞ ሁለት ፍሬም ያህል ማደባለቂያ አደርጋለሁ፤ አለዚያ «ጠቅ» ይላል። ከግስ በኋላ ያለውን ጭራ ከመቁረጤ በፊት ቢያንስ አሥራ ሁለት ፍሬም፣ ማለት ያንኑ ግማሽ ሰከንድ ያህል፣ እተዋለሁ።

በአጠቃላይ አካሄዱ ላይም ከሥልጠናው ጋር አልስማማም። የጋሼ ቪዲዮ አሁን መጀመሪያው ላይ ፈጠን ይላል፤ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሠሩ ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል። ከዚያ የሞተሩ ታሪክ ሲመጣ ጥቂት ቁርጥ ብቻ ይዞ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ከታሪኩ በኋላ እንደገና ይፈጥናል። ፍጥነቱ የሚሰማው ረጋ ያለ ቦታ ጎን ሲቀመጥ ነው።

ጨርሳችሁ ስታዩት ሁለት ጊዜ እዩት። አንዴ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ የሆነ ቦታ ማረፊያ ጎድሏል። አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ በስልክ፤ ዝላይ ከታያችሁ ማሳደጉ አንሷል ወይም ቁርጡ አፍ መሐል ገብቷል። ዩቲዩብ ላይ ከጫናችሁት የተመልካች ቆይታ መስመሩን ተመልከቱ። ቀስ ብሎ መውረዱ የተለመደ ነው። በአንድ ቦታ ገደል ከሆነ ያን ሰከንድ ክፈቱና ከፊቱ ያለውን ዓረፍተ ነገር አዳምጡ። የእኔ ገደሎች ብዙ ጊዜ የተገኙት ዝምታው ረዝሞ ሳይሆን ጋሼ ያሉትን አንድ ሐሳብ ደግመው ሲሉት ሳልቆርጥ ስቀር ነው።

አዲሱን ቅጂ ለጋሼ ልጅ ላክሁላት፤ ለመሥሪያ ቤቱም ያለ ክፍያ ላክሁ። እሷ ለቤተሰቡ አሠራጨችው። ኃላፊው ግን «ያኛው ጸድቋል» ብሎ አልቀየረውም። እስከ ዛሬ ገጻቸው ላይ ያለው የተቆጡት ጋሼ ናቸው። አሁን ውል ስፈርም ዝምታ የሚቆረጠው በአቀናባሪው ውሳኔ እንደሆነ የሚል መስመር አስገባለሁ። የማይስማማ ካለ ሥራውን ለሌላ ሰው ይስጥ።