ድምሩ መቶ ስለሆነ ያመንኩት የሃይድሮሜትር ውጤት

በጅማ ዙሪያ ካለ የቡና ማሳ ያመጣሁትን ቀይ አፈር የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ድርሻ በሃይድሮሜትር፣ ማለትም የፈሳሽን ጥግግት በሚያሳይ ተንሳፋፊ መሣሪያ፣ ስለካ የሠራሁት ስህተት ለሁለት ሳምንት ተሰውሮብኝ ቆይቷል። አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ዐሥራ ሁለት ናሙናዎችን እንደገና ባልለካሁ ነበር። ይህን የምጽፈው እንደኔ በኒቲሶል፣ ማለትም በአካባቢያችን በብዛት በሚገኘው ጥልቅ ቀይ አፈር ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ነው።

መነሻው አላስቸገረኝም። አፈሩን በጥላ አድርቄ፣ ጓሉን አድቅቄ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ነፋሁትና 50 ግራም መዘንኩ፤ ጥቂቱን ለብቻ በ105 ዲግሪ ምድጃ አድርቄ እርጥበቱን ስቀንስ ደግሞ የ50 ግራሙ ደረቅ ክብደት 48 ግራም ሆነ። ከዚያም ቅንጣቶቹን እርስ በርስ የሚያላቅቀውን ካልጎን፣ 100 ሚሊሊትር ባለ 5 በመቶ ሙሙት፣ ጨምሬ መመሪያው እንደሚለው ለ5 ደቂቃ በማደባለቂያ መታሁት። በሲሊንደር ውስጥ ውሃውን እስከ 1000 ሚሊሊትር ሞልቼ፣ በደንብ በጥብጬ፣ በጥባጩን እንዳወጣሁ ሰዓት ያዝኩ። በ40 ሰከንድ አሸዋው ስለሚዘቅጥ ሃይድሮሜትሩ የሚያሳየው ደለሉንና ሸክላውን አንድ ላይ ነው፤ ከ2 ሰዓት በኋላ የሚነበበው ግን እንደ ሸክላ ይቆጠራል።

ንባቦቹ በሊትር 31 እና 17 ግራም ነበሩ። አፈር የሌለበት፣ ውሃና ካልጎን ብቻ ያለበት ሲሊንደር 3 ስላሳየ ከሁለቱም 3 ቀነስኩ። 28 ለ48 ሲካፈል 58.3 በመቶ ስለሚሆን አሸዋው 41.7 በመቶ ሆነ፤ 14 ለ48 ሲካፈል ሸክላው 29.2፣ የቀረው ደለል ደግሞ 29.1 በመቶ ሆነ። በሦስቱ ድርሻዎች መሠረት የአፈሩን ስም በሚሰጠው ሦስት ማዕዘን ላይ ነጥቡ ክሌይ ሎም በሚባለው፣ ሸክላው መጠነኛ በሆነበት ክፍል ውስጥ ዐረፈ፤ እኔም ድምሩ መቶ መሆኑን አይቼ መዝገብ ላይ አሰፈርኩ።

እዚህ ላይ ነው በራሴ የምቆጨው። ደለሉ የሚገኘው ሌሎቹን ሁለቱን ከመቶ በመቀነስ ስለሆነ፣ መለኪያው ምንም ያህል ቢሳሳት ድምሩ መቶ ከመሆን አይጎድልም። እጄ ግን አውቆ ነበር፤ ያንኑ አፈር አርጥቤ በአውራ ጣቴና በጠቋሚ ጣቴ መካከል ስጨምቀው ሳይቆረጥ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ እንደ ጥብጣብ ይወጣ ነበር፤ ይህም የከባድ ሸክላ ምልክት ነው። ይህንን ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ባነሳ «መሣሪያው ያሳየህን ጻፍ፤ የእጅ ስሜት ሪፖርት ላይ አይገባም» ብለው መለሱኝ። ዝም ማለቴ እስካሁን ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የእጅ ምርመራው ያለ አንዳች ወጪ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኝ ነበር።

ምክንያቱ የታወቀኝ ከሲሊንደሩ ሥር የቀረውን በ0.053 ሚሊሜትር ወንፊት አጥቤ፣ «አሸዋ» የተባለውን በጣቶቼ መካከል ሳሸው ነው። እውነተኛ አሸዋ ይሻክራል እንጂ አይፈርስም፤ ይህኛው ግን ፈርሶ ቀይ ልስን ሆነ። በኒቲሶል ውስጥ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሸክላ ቅንጣቶችን አጣብቆ ጠንካራ እንክብሎች ስለሚያደርጋቸው፣ ካልተበታተኑ እንደ አሸዋና እንደ ደለል ቶሎ ይዘቅጣሉ። በዚያ ላይ የተጠቀምኩት ካልጎን ማን መቼ እንደበጠበጠው ያልተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ የነበረ ነው፤ ሙሙቱ ደግሞ ሲቆይ እየተፈረካከሰ የመበታተን ኃይሉን ያጣል።

ስለዚህ አዲስ ካልጎን በጥብጬ፣ አፈሩን በውስጡ አሳድሬ፣ ጠዋት ለ15 ደቂቃ መታሁት። አምስቱ ደቂቃ ለእኛ ቀይ አፈር አይበቃም፤ መመሪያው የፈለገውን ቢል። ንባቡ በ40 ሰከንድ 43፣ በ2 ሰዓት 30 ሆነ። 3 ሲቀነስ 40 እና 27 ይቀራሉ፤ በ48 ሲካፈሉ 83.3 እና 56.3 በመቶ ናቸው። አሸዋው ወደ 16.7 ወረደ፣ ሸክላው 56.3 ሆነ፣ ደለሉም 27.0 ነው። ሦስት ማዕዘኑ ላይ ከግራው ጎን 56 ላይ ወደ ቀኝ አግድም መስመር፣ ከታችኛው ጎን 17 ላይ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ግራ የሚያዘነብል መስመር ብታሰምሩ የሚገናኙት ሸክላ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት መስመር ይበቃል።

በ2 ሰዓት ንባብ ላይ ጥቂት ደቃቅ ደለል ስለሚቀር 56.3ቱ በመጠኑ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ የሸክላ ክፍል ከሚጀምርበት የ40 በመቶ ድንበር ብዙ ስለሚርቅ ግን ስሙ አይለወጥም። ለድንበር ቅርብ የሆነ ናሙና ሲገጥመኝ 8 ሰዓት እጠብቃለሁ። የሙቀት ማስተካከያውን ሠንጠረዥም ትቼዋለሁ፤ ባዶው ሲሊንደር ከናሙናው ጎን በአንድ ዓይነት ሙቀት ከተነበበ ማስተካከያውን ይዞት ስለሚመጣ፣ ሠንጠረዡን መጨመር ሁለት ጊዜ ማስተካከል ይሆናል።

ከዐሥራ ሁለቱ ናሙናዎች ዘጠኙ ከክሌይ ሎም ወደ ሸክላ ተዛወሩ። የቀድሞውን መዝገብ አልቀደድኩትም፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አዲሱን ጽፌ፣ የካልጎኑን ቀንም ጠርሙሱ ላይ ለጥፌያለሁ።