ከሐምቡርግ ይዤው የተመለስኩት ቲኬት

ከፍራንክፈርት ወደ ሐምቡርግ በባቡር የሄድኩት ሰኞ ጁላይ 14 ቀን 2025 ነበር፤ በእኛ ሐምሌ 7 ቀን 2017። ሃኖቨር ላይ ባቡር መቀየር ነበረብኝ። የመጀመሪያው 38 ደቂቃ ዘግይቶ ሲደርስ ሁለተኛው ሄዷል። ሐምቡርግ መድረስ የነበረብኝ 17:35 ነው፤ የደረስኩት 19:41። የካሳውን ማመልከቻ የላክሁት ግን ደሴ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ከወሎ ወደዚያ አገር ለሚሄድ ሰው የሚጠቅመውም ይኸው ከአገር ቤት ሆኖ የመጠየቁ ነገር ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

በአውሮፓ ኅብረት ከጁን 7 ቀን 2023 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ ባቡሩ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ከዘገየ ከቲኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ ካሳ ይከፈላል። የሚቆጠረው የመጨረሻው መድረሻ ላይ የደረሱበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ግን ፎቶ የሚያነሣው መነሻው ጣቢያ ላይ፣ ሰሌዳው «ዘግይቷል» ሲል ነው። ያ ፎቶ ምክንያቱን ያሳያል እንጂ 38 ደቂቃው በስተመጨረሻ 126 ደቂቃ መሆኑን አያሳይም። ስለዚህ ከባቡር ሲወርዱ፣ ገና ከጣቢያው ሳይወጡ፣ የጣቢያውን ስምና ሰዓት አንድ ላይ ያንሡ። እኔ ሰባት ደቂቃ ቀድሜ ብደርስ ኖሮ ካሳው በግማሽ ይቀንስ ነበር።

የስልኩን ሰዓትም ይመልከቱ። ስልኩ በአዲስ አበባ ሰዓት ከቆየ ፎቶው ላይ የሚመዘገበው ሰዓት በበጋቸው በአንድ፣ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት ይቀድማል።

ከፎቶው ቀጥሎ ቲኬቱ ራሱ ነው። በወረቀት ከሆነ ጽሑፉ ስለሚደበዝዝ በዚያው ቀን ፎቶ ያንሡት። በስልክ ከሆነ የግዢውን ማረጋገጫ ኢሜይል አያጥፉ። ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ግዢ መቆረጣቸውን የሚያሳየው እሱ ነው፤ ለየብቻ የተገዙ ከሆነ ኩባንያው የእያንዳንዱን መዘግየት ብቻውን ሊቆጥር ይችላል። እንዲሁም በመጨረሻ የተሳፈሩበትን ባቡር ቁጥር ይጻፉ። የዘገየው ባቡር መረጃ ከስልክ መተግበሪያው ላይ ቶሎ ስለሚጠፋ ስክሪኑን እዚያው ፎቶ አድርገው ያስቀምጡ።

ቲኬት ተቆጣጣሪውን ምክንያቱን ጠይቀው ማጻፍ ትልቅ ጥቅም አለው። ከባድ የአየር ሁኔታ፣ ሐዲድ ላይ የገባ ሰው ወይም የኬብል ስርቆት ከሆነ ኩባንያው ካሳ ላይከፍል ይችላል። የራሱ ሠራተኞች አድማ ወይም የባቡር ብልሽት ግን ሰበብ አይሆንም። ምክንያቱ የትኛውም ቢሆን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲያስጠብቁ እንደ ሁኔታው ምግብና መጠጥ ማቅረብ አለባቸው፤ ጠይቀው ካልሰጧችሁና በራሳችሁ ከገዛችሁ ደረሰኙን ያዙ።

ካሳና ተመላሽ ገንዘብ ይለያያሉ። ተመላሽ የሚጠየቀው ጉዞውን ትተው ሲቀሩ ነው። መድረሻዎ ደርሰው ሙሉ ዋጋው ይመለስልኝ ካሉ ማመልከቻው ይወድቃል፤ ካሳ ብለው መጻፍ አለብዎት።

ስሌቱም ቀላል ነው። የእኔ ቲኬት ደርሶ መልስ 120 ዩሮ ነበር። የዘገየው የሄድኩበት ብቻ ስለሆነ የሚታሰበው 60 ዩሮ ላይ ነው፤ 50 በመቶው 30 ዩሮ። ስልሳ ዩሮ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስሌቱን ስላልለየ ነው።

ቅጹን ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ቤት ስናስሞላ ልጁ «ምሽት 1:41 ነው አይደል ጋሼ?» ብሎ 1:41 ሞላ። እንዲህ ቢላክ ሌሊት 1:41 ተብሎ ይነበብና ከኩባንያው መዝገብ ጋር ይጋጭ ነበር። ሰዓቱን 19:41፣ ቀኑንም 14.07.2025 ቲኬቱ ላይ እንዳለው አስጻፍኩት። ጊዜው ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ለእኔ እስከ ጥቅምት 4 ቀን 2018። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ የጻፈ ሰው ጉዞው ከስምንት ዓመት በፊት የተደረገ ይመስልበታል።

ገንዘቡ የሚገባበት አካውንትም ያስቸግራል። ቅጹ አይባን የሚባለውን ዓለም አቀፍ የባንክ አካውንት ቁጥር ይጠይቃል፤ የእኛ ባንኮች ግን በአይባን አይሠሩም። እኔ ፍራንክፈርት ያለችውን የአክስቴን ልጅ አይባን ሰጠሁና የአካውንቱን ባለቤት ስም እንደ ባንኳ አድርጌ፣ ተጓዡ ግን እኔ መሆኔን ለይቼ ጻፍኩ። ኩፖን ሊሰጡ ስለሚችሉም «በገንዘብ ይከፈለኝ» የሚለውን ምልክት አደረግሁ። መልስ በአንድ ወር መምጣት አለበት፤ ስለዚህ የላኩበትን ቀን የሚያሳየውን ማረጋገጫ ከቲኬቱ ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጡት።