ስክሪኑን አጥፍታችሁ አንሱት፦ የስልክ ምስል ስቀይር ያየሁት አበሳ

ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ፎቶ አንስታችሁ በኋላ ስክሪኑ ላይ ሌላ ምስል የምታስገቡ ከሆነ ስክሪኑን አጥፍታችሁ አንሱት። አረንጓዴ አታድርጉት፣ ነጭም አታድርጉት። ደንበኛው የሚልክላችሁ መመሪያ ሌላ ቢልም ተከራከሩ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ሥራው እንዲህ ነበር። አንድ የገንዘብ ተቋም ለሞባይል መተግበሪያው የቢልቦርድ ማስታወቂያ አዘዘን። መርካቶ ውስጥ አንዲት ነጋዴ ሱቋ በር ላይ ቆማ ስልኳን ወደ ካሜራው ታሳያለች። ስልኩ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ስላለ ከላይ ያለው ሰማይና የፊት ለፊቱ ሱቅ የቆርቆሮ ጣሪያ መስታወቱ ላይ ያርፋሉ። ፎቶውን እውነተኛ ያደረገው ያ ነጸብራቅ ነው።

የተቋሙ መመሪያ ግን «ስክሪኑ አረንጓዴ ይሁን» ይላል። ስክሪኑን እናጥፋው ብዬ ለመንኩ። ኃላፊው «ወንድሜ፣ የጸደቀ መመሪያ ነው፤ እንዳለው ይሠራ» አለኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። አረንጓዴ ስክሪን የሚጠቅመው ለቪዲዮ ነው። እዚያ ጣት ስክሪኑ ላይ ሲያልፍ ፍሬም በፍሬም መቁረጥ ስለሚያሰለች ቀለሙ ሥራውን ያቀልላል። አንድ ፎቶ ላይ ያለ አውራ ጣት ግን በፔን ቱል በደቂቃዎች ይቆረጣል።

ቀላሉን ክፍል ቶሎ ልለፈው። የመተግበሪያውን ምስል በስልኩ ትክክለኛ መጠን፣ በእኛ ሥራ 1080 በ2400 ፒክስል፣ አዘጋጁና ፎቶሾፕ ውስጥ Smart Object አድርጉት። ከዚያ Ctrl+T፣ ቀጥሎ Ctrl እንደያዛችሁ አራቱን ማዕዘኖች እየጎተታችሁ ከስልኩ ጋር አግጥሙ። የዘመኑ ስልኮች ማዕዘን ክብ ስለሆነ የሚያዝ ጫፍ የለውም። ስለዚህ የስክሪኑን ቀጥ ያሉ ጎኖች በመስመር አስረዝሟቸውና መስመሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ እንደ ማዕዘን ቁጠሩት። ትርፉን ማስክ ይደብቀዋል። ጣቱንም በዚያው ማስክ አውጡት።

አበሳው የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ምስሉን አረንጓዴው ላይ ስጭነው ስልኩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት መሰለ። ነጸብራቁን ይዤ ለመቅረት አረንጓዴውን በColor Range ብቻ ልምረጥ ስል ደግሞ ሰማዩ ያረፈበት ቦታ አልመረጥ አለ። እዚያ ቀለሙ ወደ ነጭ ስለሄደ ፕሮግራሙ አረንጓዴ ነው ብሎ አይቆጥረውም። በምስሉ መሃል ቀዳዳ ቀረ። በዚያ ላይ የአውራ ጣቷ ጠርዝ አረንጓዴ ሆኗል። የስክሪኑ ብርሃን ቆዳዋ ላይ ፈሶ ነው።

መፍትሔው የመጣው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ሳስብ ነው። ካሜራው ከስክሪኑ የሚቀበለው ሁለት ብርሃን ተደምሮ ነው፦ ስክሪኑ ራሱ የሚያወጣውና መስታወቱ ከውጭ ተቀብሎ የሚመልሰው። ስክሪኑ ቢጠፋ ኖሮ የሚቀረው ሁለተኛው ብቻ ነበር። ያኔ የመተግበሪያውን ሌየር ብለንድ ሞድ Screen ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ሒሳቡ

```
1 - (1 - a) × (1 - b)
```

ስለሆነ ጥቁር ምንም አይጨምርም፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ግን ይደመራል። Linear Dodge ቀጥታ ይደምራል ቢባልም በተለመደው ፋይል ላይ ነጩን ቶሎ ያቃጥለዋል። እኔ Screen ነው የምመርጠው።

የእኛ ስክሪን ግን በርቷል፣ ያውም አረንጓዴ ሆኖ። ደግነቱ አረንጓዴ ስክሪን በዋናነት የሚያጥለቀልቀው አረንጓዴውን ቻነል ነው። የሰማዩ ብርሃን ግን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሁሉም አለው። ስለዚህ ቀዩ ቻነል ላይ የሚታየው በአብዛኛው ነጸብራቁ ብቻ ነው! Channels ውስጥ Red የሚለውን ብቻ ስከፍት የጠፋ ስልክ የሚመስል ጥቁር መስታወት ታየኝ። ሰማዩ እንዳለ፣ የቆርቆሮው ጠርዝ እንዳለ።

ቀዩን ቻነል ኮፒ አድርጌ ከመተግበሪያው ምስል በላይ እንደ ሌየር ለጠፍኩት፣ ያንኑ ማስክ ሰጠሁትና Screen አደረግኩት። ነጸብራቁ ተመለሰ፤ ሙሉው ምስል ግን ጭጋግ ለበሰ። ምክንያቱም ካሜራው አረንጓዴውን ሲያነብ ትንሽ ወደ ቀዩ ያሾልካል። ነጸብራቅ በሌለበት ቦታ የቀዩ ቁጥር ዜሮ ሳይሆን 40 አካባቢ ነበር። ያ መቀነስ አለበት። ግን ስንት?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በLevels ጥቁሩን 40 ላይ አምጥቶ ይተወዋል፤ የምስሉ ጥቁር ድፍን ጥቁር ይሆናል። ድፍን ጥቁር ደግሞ ቀን ብርሃን ላይ ያለ መስታወት ውስጥ የለም። ስክሪን ጥቁር ሲያሳይ ብርሃን አላወጣም ማለት ነው፤ ስለዚህ ልክ እንደጠፋ ስክሪን ነው መምሰል ያለበት። የጠፋ ስክሪን ደግሞ ከውጭ ብርሃን የተነሳ ሁልጊዜ ትንሽ ግራጫ ነው።

የጠፋ ስክሪን ፎቶ ከሌለ ልኩን የሚነግራችሁ በስክሪኑ ዙሪያ ያለው ጥቁር ጠርዝ ነው። እሱም ከዚያው መስታወት ሥር ነው፣ ያንኑ ሰማይ ያያል፣ ራሱ ግን ብርሃን አያወጣም። ማውሱን ጠርዙ ላይ አድርጌ በInfo ሳነብ ጥላ ያለበት ክፍል 22 ገደማ ነበር። ስለዚህ በLevels የግቤቱን ጥቁር 40፣ የውጤቱን ጥቁር 22 አደረግኩ። ከዚያ የሰማዩን ሰንበር ተከተልኩት። ከስክሪኑ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ሲያልፍ ድንገት ከደመቀ ወይም ከደበዘዘ የመሃሉን መቆጣጠሪያ ማስተካከል ነው። ሰንበሩ ሳይቆራረጥ እስኪሻገር ድረስ ነካካሁት። የቀዩ ቻነል ኮፒ ግራጫ ስለሆነ በColor Balance ሰማያዊ ጨመርኩበት። የጣቷን አረንጓዴ በHue/Saturation፣ Greens ላይ ብቻ፣ አወጣሁት።

ሲያልቅ ኃላፊው «ስክሪኑ ቆሸሸብን፣ ነጸብራቁን አጥፉት» አለ። ለዚያ ሁሉ ልፋት! እንቢ አልኩ፤ ግን ጽሑፉ እንዲነበብ ሂሳቡ የሚታይበት ቦታ ላይ ነጸብራቁን በለስላሳ ብሩሽ አሳሳሁት። ጠርዙ ጋ ያለውን አልነካሁም። ዓይን እውነት መሆኑን የሚያጣራው እዚያ መገናኛው ላይ ነው። ሥራውን ተቀበለው፤ እኔም በዚያ ፎቶ እኮራለሁ።

የቀረው ትንሽ ነው። የምታስገቡት ምስል ከፎቶው ይልቅ ጥርት ያለ ስለሚሆን Gaussian Blur ግማሽ ፒክስል ያህል ስጡት፤ ፎቶው ጥራጥሬ ካለው በAdd Noise 1 ወይም 2 በመቶ ጨምሩ። ፀሐይ ላይ የተነሳ ስልክ ከሆነ ነጩን ከ255 ዝቅ አድርጉት፤ በጠራራ ፀሐይ ከነጭ ሸሚዝ የበለጠ የሚያበራ ስክሪን ማንም አያምንም። ሳሎን ውስጥ ላለ ቴሌቪዥንም አካሄዱ ያው ነው፤ መጋረጃውና መብራቱ ጥቁሩ መስታወት ላይ ካሉ ግማሹ ሥራ አልቋል።

አሁን ውል ስፈርም አንድ መስመር አስገባለሁ፦ ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ መጋለጡ በማንዋል ተቆልፎ፣ መጀመሪያ ስክሪኑ ጠፍቶ ይነሳል። ደንበኛው አረንጓዴውን የግድ ካለ፣ ከዚያ በኋላ ያብራው።