ጡሩምባው የማይሰማበት ቪዲዮ

ሐሙስ ማታ

የእድራችን ድንኳን ካረጀ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ለቀስተኛው እንደተቀመጠ ዝናቡ ገባበት። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጥፈው ራሳቸው ላይ ሲያደርጉ አይቼ በጣም ከፋኝ። ኮሚቴው አዲስ ሸራ ይገዛ አለ። ካዝናው ስላልቻለ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ እንድሠራ ጠየቁኝ። ለአባላቱና ውጭ አገር ላሉ ልጆቻቸው በቴሌግራም ይላካል።

ዛሬ ስቶሪቦርዱን ጨረስኩ። የተማሪ ደብተር ገጽ ሦስት ቦታ ከፈልኩ፦ በግራ ምስሉ፣ መሀል ላይ ሰከንዱ፣ በቀኝ ትረካው። ሥዕል አልችልም። ግን ሰውን በክብና በመስመር ካሳየሁ ካሜራው የት እንደሚቆም ይገባኛል።

መጀመሪያ ያሰብኩት በጡሩምባ መክፈት ነበር። ጨለማ፣ ከዚያ የጡሩምባው ድምፅ። ጡሩምባ ነፊያችንን ባማክራቸው ደነገጡ። «ልጄ፣ ማን ሞተ ብሎ ሰው ከአልጋው ይወርዳል!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ራቅ ብለን ብንቀዳው እንኳ፣ ስልክ ላይ ድንገት የሚሰማት አሮጊት ምን ትሆናለች? ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 12 ሰከንዶች ዝም ያሉ ሆኑ። ጡሩምባው ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ካሜራው ቀስ ብሎ ይጠጋዋል። የነሐሱ አፍ ብዙ ከመነፋቱ የተነሳ ጠርዙ ነጭ ሆኗል። የሰፈር ሰው ያንን ሲያይ ድምፁን ራሱ ይሰማዋል።

ቀጥሎ እስከ 40ኛው ሰከንድ ድንኳኑ ሲተከል ነው። ፊት የለም፣ እጆች ብቻ። ካስማ ሲመታ፣ ገመድ ሲወጠር፣ ምሰሶ ሲቆም። ትረካው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይህ ድንኳን በሁላችንም ደጅ ተተክሏል።» ከዚያ የመዶሻው ድምፅ ይሰማ።

ከኮሚቴው አንዱ እውነተኛ ለቅሶ ላይ እንቅረጽ ብሎ ነበር፤ ልብ ይነካል አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ሐዘንተኛ በዚያ ሰዓት አይጠየቅም፤ ቢፈቅድም ፈቀደ አይባልም። ባዶው ድንኳን እድሩ ዕቃ ቤት ግቢ ውስጥ ይተከላል።

ከ40 እስከ 65 ያለው የቪዲዮው ልብ ነው። ካሜራው ከውስጥ ወደ ላይ ያያል። ቀን ላይ በቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ሳንቲም ይበተናል። እዚህ ትረካ አላስገባሁም። አንድ ሰው በጆግ ውሃ ከላይ ያፈሳል፣ ውሃው ብረት ወንበሩ ላይ ጠብ ሲል ቅርብ ሆኜ እቀርጻለሁ። ይህ ዝናብ አይደለም፤ ስለዚህ «ሙከራ» የሚል ጽሑፍ ከሥር ይገባል። ገንዘብ እየጠየቅን ሰው ማታለል አልፈልግም።

እስከ 85 ያቺው ነጠላቸውን ያጠፉት እናት ይናገራሉ። ምን እንደሚሉ አልጻፍኩላቸውም። የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እትዬ፣ የዚያን ቀን ምን ሆነ?» ብዙ ያወራሉ፣ ሃያ ሰከንዱን እመርጣለሁ።

ከዚያ ጥያቄያችን። የመጀመሪያው ረቂቄ ሸራ፣ ወንበር፣ ድስት፣ የአስከሬን መኪና፣ ሁሉንም ይዞ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ረጋ ብዬ ሳነብ በደቂቃ መቶ ቃል ያህል ነው የምጨርሰው። በሁለት ደቂቃ 200 ይገባል ማለት ነው፤ ዝምታ ስለምፈልግ ግን 120 ላይ ቆምኩ። ድስቱም ወንበሩም ወጡ። ሸራ ብቻ ቀረ። እስከ 105 ካሜራው ድንኳን ሰፊው የሰጠንን ፕሮፎርማ ያሳያል፤ ጠቅላላ ድምሩ ላይ ጣት ያርፋል። «ክረምት ሳይገባ» የሚለው እዚህ ይነገራል።

የመጨረሻዎቹ 15 ሰከንዶች የባንክ ቁጥሩ ናቸው። ሊቀመንበራችን የኮሚቴውን ስም ዝርዝር እዚያ እንድጨምር ፈልገው ነበር። «ጋሼ፣ ሰው ቁጥሩን እየቀዳ ስም ማንበብ አይችልም» አልኳቸው፤ ትንሽ ቅር ብሏቸው ተስማሙ። ቁጥሩ በአራት በአራት ተከፋፍሎ፣ ከሥሩ የእድሩ ስም ብቻ። የግለሰብ ስም ካለበት ሰው ይጠራጠራል፣ ተገቢም ነው። ቴሌግራም ምስሉን ሲጨምቀው ትንንሽ ፊደል ስለሚደበዝዝ ለራሴ ልኬ በእናቴ አሮጌ ስልክ ሞከርኩት። የመጀመሪያው አልተነበበም። ፊደሉን በእጥፍ አሳደግኩት።

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ድንኳኑ ይተከላል። ጆግ ከቤት ይዤ እሄዳለሁ።