ለሱቅ መክፈቻ ዝርዝር ብር

ዛሬ ደብረ ብርሃን ጓደኛዬ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሰው የግድግዳ ሰዓትና አበባ ይዞ መጣ። እኔ ዝርዝር ብር ወሰድኩለት።

አትሳቁ! 1,500 ብር ነው። አስር ባለ ሃምሳ፣ ስልሳ ባለ አስር፣ ስልሳ ባለ አምስት፣ መቶ የአንድ ብር ሳንቲም። ሳንቲሙን ማታ ሥራ ሲጨርሱ ከባጃጅ ልጆች ነው የሰበሰብኩት። እነሱ ጋ አይጠፋም።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጋቢያቸውን የተከናነቡ እናት ነበሩ። የ45 ብር ሳሙና ወስደው ድፍን 200 ሰጡት። ሦስት ሃምሳና አንድ አምስት መለሰላቸው። «ያቅናህ ልጄ!» ብለው ወጡ። ዝርዝር ባይኖር ወይ ጎረቤት ሱቅ ሮጦ ይለምናል፣ ወይ ደንበኛው ትቶት ይሄዳል። ማስቲካ በመልስ ፋንታ መስጠት ደግሞ (ሁላችንም እናውቃለን) ሰው ያስቀይማል።

ቶሎ የሚያልቀው ሃምሳው ነው። ጠዋት ሁሉም ድፍን ብር ይዞ ይመጣል። ሦስት እንደዚያ ያሉ ደንበኞች ከአስሩ ሃምሳ ዘጠኙን ይወስዱታል። ከሰዓት ዳቦና ክብሪት የሚገዛው ሕፃን ሳንቲሙን መልሶ ያመጣዋል፤ ሃምሳ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ነገርኩት። ማታ ሲቆጥር መጀመሪያ 1,500ውን ነጥሎ ለነገ ያስቀምጥ። የቀረው ነው ሽያጩ። ካልነጠለው በመጀመሪያው ቀን ያተረፈ ይመስለውና ከመሳቢያው መዝዞ ይጋብዘናል። ክትፎውን እንኳ ባልጠላሁ፣ ግን ነገ በምን ሊመልስ ነው?